ሁለተኛውን ዓመት እንዴት እንንገራቸው?

ተመራቂዋ በ2017 ዓ.ም. ከአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በስታትስቲክስ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ያገኘች ናት። መምህሩ ረጅም ዘመን አሜሪካ ያስተማሩ፣ የማስተርስ አመልካቾችን በሚመርጥ ኮሚቴ ውስጥም የሠሩ፣ አሁን በጡረታ አዲስ አበባ የሚኖሩ ጎረቤቷ ናቸው። ያገናኛቸው ጉዳይ፣ ለባዮስታትስቲክስ ማስተርስ ያስገባችውን ማመልከቻ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሳይቀበለው መቅረቱ ነው።

ተመራቂዋ፦ ጋሼ፣ ደብዳቤውን ጽፌዋለሁ። ሦስት ገጽ ሆነብኝ። ከመላኬ በፊት እንዲያዩልኝ ብዬ ነው የመጣሁት።

መምህሩ፦ አይልሻለሁ ልጄ። መጀመሪያ ግን እነሱ የጻፉልሽን አሳዪኝ። በምን ምክንያት እንዳልተቀበሉሽ ሳናውቅ የምንጽፈው ሁሉ ሜዳ ላይ ነው የሚቀረው።

ተመራቂዋ፦ ይኸውልዎት። አጠቃላይ ውጤቴ ፕሮግራሙ ከሚጠይቀው 3.0 በታች ስለሆነ ማመልከቻዬን እንዳልተቀበሉት ይናገራል። የእኔ 2.95 ነው። ከታች ደግሞ ውሳኔው እንደገና እንዲታይለት የሚፈልግ አመልካች በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል፤ ጥያቄው የሚታየው ግን በመጀመሪያው ማመልከቻ ውስጥ ያልነበረ አዲስ መረጃ ሲቀርብ ብቻ ነው ይላል።

መምህሩ፦ ዋናው ነገር ያለው እዚህ መጨረሻው ላይ ነው። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ይህን ዕድል አይሰጥም። «ውሳኔያችን የመጨረሻ ነው» ብለው በሩን የሚዘጉ ብዙ ናቸው። የሚሰጡትም ቢሆኑ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ መጀመሪያ ሲወስኑ ያላወቁት ነገር። «ውሳኔያችሁ ልክ አይደለም» የሚል ደብዳቤ አይፈልጉም። አንቺስ፣ ስታመለክቺ ስለ እናትሽ ሕመም ጽፈሽ ነበር?

ተመራቂዋ፦ አልጻፍኩም። የጠየቁኝ ለምን ባዮስታትስቲክስ መማር እንደምፈልግ ነበር፤ የመለስኩትም እሱን ነው።

መምህሩ፦ እንግዲያው ሕመሙ ለእነሱ አዲስ መረጃ ነው። ሌላም ልብ የምትዪው ነገር አለ። በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች 3.0ን ዝቅተኛ መስፈርት ያደረገው የድኅረ ምረቃ ትምህርቱን በጠቅላላ የሚመራው ማእከላዊው ቢሮ ነው። የቢሮው ሠራተኛ ቁጥሩን አይቶ ፋይሉን ወደ ጎን ሊያደርገው ይችላል፤ የዲፓርትመንቱ መምህራን ትራንስክሪፕትሽን ጭራሽ ላያዩት ይችላሉ ማለት ነው። ዲፓርትመንቱ ግን «ይህችን ተማሪ እንፈልጋታለን» ብሎ ቢሮው መስፈርቱን በልዩ ሁኔታ እንዲያነሳላት የሚጠይቅበት አሠራር በብዙ ቦታ አለ። ስለዚህ ደብዳቤሽ የሚለፋው ፋይልሽ ኮርሶቹን የሚያውቅ ሰው እጅ እንዲገባ ነው። በይ አሁን ያንቺን ላንብብ።

(ሦስቱን ገጽ እስኪያነቡ ዝም ብላ ትጠብቃለች።)

ተመራቂዋ፦ ምነው ዝም አሉ?

መምህሩ፦ የእናትሽ ነገር ልቤን ነክቶት ነው። በሦስቱ ገጽ ውስጥ ግን አንድም ቀን የለም። «በጣም ተጨንቄ ነበር»፣ «ሌሊቱን ሳለቅስ አድር ነበር»፣ «ማንም የማይችለውን ችዬ ተምሬያለሁ» ይላል። እውነት ነው፤ አንዱንም አልጠራጠርም። እዚያ ያለው አንባቢ ግን ይህን ይዞ ትራንስክሪፕትሽን ሲከፍት የሚያመሳክረው ነገር አያገኝም። እስኪ ትራንስክሪፕቱን አምጪው፤ ሴሚስተር በሴሚስተር ንገሪኝ።

ተመራቂዋ፦ አንደኛ ዓመት 3.10 እና 3.20። ሁለተኛ ዓመት 2.10 እና 1.80። ሦስተኛ ዓመት 3.10 እና 3.30። አራተኛ ዓመት ሁለቱም ሴሚስተር 3.50። በየሴሚስተሩ 18 ክሬዲት ነበር የወሰድኩት።

መምህሩ፦ ክሬዲቱ እኩል ከሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው። ስምንቱን ደምረሽ ለስምንት ስታካፍዪ 2.95 ይመጣል። ሁለተኛውን ዓመት ለይተን ስድስቱን ብቻ ብናሰላ 3.28 ነው። የመጨረሻዎቹ አራት ሴሚስተሮች ደግሞ 3.35። ይህን ያየ ሰው ደካማ ተማሪ ናት አይልም። መልካም ይዛ የነበረች ተማሪ በአንድ ዓመት ወድቃ ተነሣች ነው የሚለው። ቀጥሎ የሚጠይቀው፣ በዚያ ዓመት ምን ሆና ነው? የሚለውን ነው። ንገሪኝ፤ ግን በቀን በቀኑ።

ተመራቂዋ፦ እናቴ የምትኖረው ጎባ ነው። 2015 ጥቅምት ላይ ደም መፍሰስ ጀመራት፤ ከጎባ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተባለች። ናሙና ተወስዶ ኅዳር 15 ቀን የማኅፀን በር ካንሰር መሆኑ ተነገረን። ከዚያ ምርመራው፣ የደም ማነሱ፣ ወረፋው ተከታተለ። የጨረር ሕክምናው መጋቢት ላይ ተጀመረ፤ በሳምንት አምስት ቀን፣ አምስት ሳምንት፤ በየሳምንቱ ደግሞ ኬሞ ነበራት። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ አለቀ። እስከ ሰኔ ድረስ ግን ምግብ አልበላ ብሏት ተኝታ ነው የቆየችው። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ታላቅ ወንድሜ ዱባይ ነው፤ ገንዘቡን እሱ ላከ። ታናሼ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበር። አብሬያት የነበርኩት እኔ ነኝ።

መምህሩ፦ አየሽ፣ ይህ በደብዳቤሽ ውስጥ የለም። የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና መቼ ነበር?

ተመራቂዋ፦ የካቲት መጀመሪያ። ሁለተኛው ሴሚስተር መጋቢት ተጀምሮ ሐምሌ አለቀ።

መምህሩ፦ እንግዲህ አስተያዪው። በሽታው የታወቀው በመጀመሪያው ሴሚስተር እኩሌታ ላይ ነው፤ ውጤትሽ 2.10 ወረደ። ሕክምናው የዋለው ሙሉ በሙሉ በሁለተኛው ሴሚስተር ነው፤ ውጤትሽ 1.80 ሆነ። ሕክምናው አለቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት ወደ 3.10 ተመለስሽ። ከሦስቱ ገጽ ይህ ይበልጣል። በደብዳቤው ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል።

ተመራቂዋ፦ እዚህ ላይ አንድ ነገር ይከብደኛል ጋሼ። የእናቴን ሕመም ለማያውቁኝ ሰዎች ማስረጃ አድርጌ ሳቀርበው የነገድኩበት ይመስለኛል። እሷም የበሽታዋን ስም ለሰው አትናገርም።

መምህሩ፦ ልክ ነሽ፤ ገመናዋ የራሷ ነው። የበሽታውን ዓይነት ዘርዝሪ የሚልሽ የለም። «እናቴ በካንሰር ታማ» ካልሽ ይበቃል። የሐኪሙ ወረቀት ላይ ዝርዝሩ ካለ ግን መጀመሪያ እሷን አስፈቅጂ። ካልፈቀደች የሕክምናውን ጊዜና የአንቺን አስታማሚነት ብቻ የሚገልጽ ሌላ ደብዳቤ ከሆስፒታሉ ለምኚ። ስለ እሷ የምትጽፊው አንቺ የት እንደነበርሽ ለማስረዳት የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይሁን። ከዚያ ያለፈውን አውጪው።

ተመራቂዋ፦ ሌላው የሚያስጨንቀኝ ደግሞ «እናትሽ ብትታመም አንቺን ምን አገደሽ? ሐኪምና ነርስ የሉም ወይ?» ይሉኛል ብዬ ነው።

መምህሩ፦ ይሉሻል። በአፋቸው ባይሉሽም በልባቸው ይሉሻል። እኔ በነበርኩበት ኮሚቴ ጠረጴዛ ዙሪያ ከሚቀመጡት አብዛኞቹ ሆስፒታል ሲባል የሚታያቸው፣ በሽተኛው ተኝቶ ምግቡም መድኃኒቱም በሠራተኛ የሚቀርብለት ቤት ነው። ልጅ አበባ ይዛ ትጠይቃለች፣ ከዚያ ወደ ትምህርቷ ትመለሳለች። እኛ አገር ግን መድኃኒቱን ከውጭ ፋርማሲ ፈልጎ የሚገዛው፣ ናሙናውን ላቦራቶሪ የሚያደርሰው፣ ውጤቱን ተሰልፎ የሚያመጣው፣ ደም የሚለግስ ሰው የሚያፈላልገው፣ ምግቡን አብስሎ የሚያበላው፣ ከአልጋው ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ የሚያድረው ዘመድ ነው። ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና በአገሪቱ በጥቁር አንበሳ ብቻ ይሰጥ ስለነበር ከክፍለ አገር የሚመጣ ሕመምተኛ ቤት ተከራይቶ አዲስ አበባ መሰንበት ግድ ይሆንበት ነበር። ሌሎች ማእከላት ከተከፈቱ ወዲህም ከሩቅ ለሚመጣ ሰው ይህ ብዙም አልቀረለትም። እዚያ ያለ አንባቢ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። አንቺ ካልነገርሽው፣ ሕመሙን አምኖ እንኳ ከውጤትሽ ጋር ሊያገናኘው አይችልም። እናም በየቀኑ ትሠሪ የነበረውን ንገሪው። አስታማሚ ነበርኩ ብለሽ አትለፊ፤ ሥራውን ጻፊለት።

ተመራቂዋ፦ የኖርነው ልደታ አካባቢ በተከራየናት አንዲት ክፍል ነበር። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዣት እወጣ ነበር። ከጨረር መልስ ምግቧን እሠራለሁ። የኬሞ ቀን ሲሆን ሙሉ ቀኑ እዚያው ያልቃል። ለፈተና ብቻ ነበር ዩኒቨርሲቲ የምሄድ፤ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ይወስዳል።

መምህሩ፦ እሱኑ ጻፊ። አንዲት ቅጽል አትጨምሪበት። ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ደግሞ ልንገርሽ፤ ያን ያህል ከከበደሽ ለምን ዊዝድሮዋል አልሞላሽም?

ተመራቂዋ፦ አስቤው ነበር። ግን ኮርሶቹ በዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚሰጡት፤ ከወጣሁ ሙሉ ዓመት ነው የማጣው። መኝታና ምግቤም ዩኒቨርሲቲው ነበር። ደግሞም ኅዳር ላይ ሕክምናው በአንድ ወር ያልቃል ብለን ነበር የምናስበው። መጋቢት ላይ ስንደርስ የመጀመሪያው ሴሚስተር አልፏል።

መምህሩ፦ ደኅና መልስ ነው። በደብዳቤው ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ይግባ። አንባቢው ሳይጠይቅሽ ከመለስሽለት ከዚያ በኋላ ያለውን በቀና ልብ ያነበዋል።

ተመራቂዋ፦ ከዚህ በኋላ «ስለዚህ ሁለተኛውን ዓመት አትቁጠሩብኝ» ብዬ ልዝጋው?

መምህሩ፦ አይሆንም! ይህን በፍጹም እንዳትጽፊ። ውጤቱ ውጤት ነው፤ በዩኒቨርሲቲሽ ማኅተም የወጣ ሰነድ ነው፤ እንዲሰርዙት መጠየቅ አትችዪም። ደግሞም ትልቁ ሥጋታቸው ቁጥሩ አይመስለኝም። አሁን ባለው ሥርዓተ ትምህርት አንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ናቸው። የሙያሽ መሠረት የሚጣለው ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። በዚያ ዓመት ምን ምን ወሰድሽ?

ተመራቂዋ፦ ካልኩለስ ሁለት ሲ ፕላስ። ፕሮባቢሊቲ ቲዎሪ ሲ። ሊኒየር አልጀብራ ዲ። ስታትስቲካል ሜተድስ ሲ።

መምህሩ፦ እነዚህን የሚያይ የባዮስታትስቲክስ መምህር ለእናትሽ ያዝንላት ይሆናል፤ ለራሱ ግን «ፕሮባቢሊቲ ሳታውቅ፣ ማትሪክስ ሳትችል እንዴት አድርጌ ላስተምራት?» ይላል። ይህ ክፋት አይደለም፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ምክንያቱን ብቻ ነግረሽ ይህን ካልመለስሽለት፣ «እውነትሽን ነው፣ ግን ኮርሱን አታውቂውም» ብሎ ይተውሻል። እኔ ካየኋቸው ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የወደቁት እዚህ ላይ ነው። የሕመሙ ታሪክ በደንብ ተጽፏል፤ ትምህርቱ መሟላቱን የሚያሳይ ግን ምንም አልነበረም። አንቺ ግን ማሳያ አለሽ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ኢንፈረንስ ስንት አመጣሽ?

ተመራቂዋ፦ ኤ ማይነስ። ሪግሬሽን ኤ። አራተኛ ዓመት ላይ ደግሞ መልቲቫሪየት አናሊሲስ ቢ ፕላስ።

መምህሩ፦ በቃ፣ መልስሽ እሱ ነው! ኢንፈረንስ ያለ ፕሮባቢሊቲ አይታለፍም። ሪግሬሽንና መልቲቫሪየት ከማትሪክስ ውጪ የሚያራምዱ አይደሉም። ሲ ካገኘሽበት ኮርስ ላይ የተሠራውን ኮርስ በኤ ማይነስ ካለፍሽ፣ በመሐል ቁጭ ብለሽ ያመለጠሽን ተምረሻል ማለት ነው። ተምረሽ ነበር?

ተመራቂዋ፦ አዎ ጋሼ። 2015 ክረምቱን ጎባ ሆኜ፣ እናቴ ስትተኛ፣ ፕሮባቢሊቲውንና ሊኒየር አልጀብራውን ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሬ እንደገና ሠራሁት። መጽሐፉን አንድ መምህሬ ነው ያዋሰኝ።

መምህሩ፦ ይግባ። ያ መምህርሽም ደብዳቤ ይጻፍልሽ፤ ጎበዝ ናት የሚል ሳይሆን፣ የት እንደነበርሽና ስትመለሺ ምን እንደሠራሽ የሚያውቀውን። የመውጫ ፈተናሽስ?

ተመራቂዋ፦ 81።

መምህሩ፦ ይህን በመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ አስገብተሽዋል?

ተመራቂዋ፦ ማስገቢያ ቦታ አልነበረውም። ትራንስክሪፕትና ዲግሪ ብቻ ነው የጠየቁት።

መምህሩ፦ ሁለተኛው አዲስ መረጃሽ ይህ ነው። የመውጫ ፈተና የተጀመረው በ2015 ዓ.ም. ስለሆነ ውጭ ያለ አንባቢ ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። ለመመረቅ የሚያስፈልግ አገር አቀፍ ፈተና መሆኑን፣ ማለፊያው 50 መሆኑን፣ የሙያውን ዋና ኮርሶች እንደሚሸፍን በአንድ መሥመር ንገሪው። በዚያ ፈተና ላይ ሁለተኛ ዓመት የተማርሽው ሁሉ አለበት፤ የሚያርመውም የአንቺ ዩኒቨርሲቲ አይደለም። ለእኔ ከሐኪሙ ወረቀት ይልቅ ክብደት ያለው ይህ ነው። የሐኪሙ ወረቀት ለምን እንደወደቅሽ ይናገራል፤ ይኼኛው ዛሬ ምን እንደምታውቂ ይናገራል።

ተመራቂዋ፦ የሆስፒታሉን ወረቀት ይዣለሁ። በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ ማስተርጎም አያስፈልገውም መሰለኝ።

መምህሩ፦ እስኪ ቀኑን አሳዪኝ። አየሽ? 15/03/2015 ይላል። አንቺ ኅዳር 15 ብለሽ ታነቢዋለሽ። አሜሪካዊው 2015 ማርች 15 ብሎ ነው የሚያነበው፤ ያን ጊዜ አንቺ ገና ልጅ ነበርሽ። ያንቺ ትራንስክሪፕት ደግሞ ሁለተኛውን ዓመት 2022/23 ይለዋል። በመካከሉ ከሰባት ዓመት በላይ ገባ ማለት ነው። አንባቢው ክፉ ባይሆን እንኳ ማስረጃው ከታሪኩ ጋር አይገጥምም ብሎ ይዘጋዋል፤ ክፉ ካሰበ ደግሞ የሐሰት ወረቀት ነው ይላል። ኅዳር 15 ቀን 2015 በእነሱ 2022 ኖቬምበር 24 ነው። በወረቀቱ ላይ ምንም እንዳትነኪ፤ በእጅሽ ከጻፍሽበት ዋጋውን ያጣል። ሕጋዊ ተርጓሚ ዘንድ ሄደሽ የሁለቱም አቆጣጠር ቀን ጎን ለጎን የሰፈረበት የተረጋገጠ ቅጂ አሠሪ። በደብዳቤሽም ውስጥ ወረቀቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ተናገሪ።

ተመራቂዋ፦ ይህን አላሰብኩትም ነበር። አሁን እናቴ ያለችበትን ሁኔታስ ልናገር?

መምህሩ፦ ትናገሪያለሽ፤ እሱም የሚጠበቅ ጥያቄ ነው። ምክንያቱ አብቅቷል ወይስ አሜሪካ ስትሄጂ እንደገና ይመጣል? እንዴት ናት አሁን?

ተመራቂዋ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ናት። ክትትል ነው ያላት። አክስቴ ጎባ አብራት ትኖራለች፤ ለቀጠሮም የምታመጣት እሷ ናት።

መምህሩ፦ ተመስገን። «ድናለች፣ ሁለተኛ አይመለስም» አትበዪ፤ ይህን ሐኪሟም አይልም። ሕክምናዋን ጨርሳ በክትትል ላይ መሆኗንና የሚረዳት ሰው መኖሩን ብቻ ጻፊ። እውነቱ ይበቃል። የቀረን ምን እንደምትጠይቂያቸው ነው። «እባካችሁ ዕድል ስጡኝ» ማለት ለማን ምን አድርጉ ማለት እንደሆነ አይታወቅም።

ተመራቂዋ፦ ፍትሕ ነው የምፈልገው። በ3.0 ያለፈ ሁሉ ከእኔ ይሻላል ማለት አይደለም።

መምህሩ፦ እሺ፣ ስለ ፍትሑ እናውራ። ሌላ አመልካች ደግሞ አለ፤ እንዳንቺ 2.95 ያለው፣ ማንም ያልታመመበት፣ ምንም ያልጻፈ። ኮሚቴው ለእሱም ፍትሐዊ መሆን አለበት። ስላዘነልሽ ብቻ ካስገባሽ እሱን በድሎታል። ያንቺን ማስረጃ አይቶ፣ «ይህ 2.95 የዚህችን ተማሪ ችሎታ አያሳይም፤ የሚያሳየው ሌላው ሰነድ ነው» ብሎ ካስገባሽ ግን ማንንም አልበደለም። ስለዚህ ከሌሎች ጋር ራስሽን አታወዳድሪ፤ 0.05 ምን አላት ብለሽም አትከራከሪ። የምትጠይቂው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ፋይልሽ ከአዲሶቹ ማስረጃዎች ጋር ለዲፓርትመንቱ መራጭ ኮሚቴ እንዲቀርብ። ሁለተኛ፣ ሙሉ ቅበላ ካልተቻለ በቅድመ ሁኔታ እንዲቀበሉሽ፤ ማለትም የመጀመሪያውን ሴሚስተር በ3.0 ወይም ከዚያ በላይ እንድትጨርሺ ተገድደሽ። ብዙ ፕሮግራሞች ይህን የመሰለ ቅበላ አላቸው። ካልቻልሽ ትወጫለሽ፤ ቀላል አይደለም። ትቀበዪዋለሽ?

ተመራቂዋ፦ እቀበላለሁ።

መምህሩ፦ እንግዲያው አሁን በአማርኛ እናርቅቀው፤ ማታ ወደ እንግሊዝኛ ትመልሺዋለሽ። ሐሳቡ መጀመሪያ ሰው በሚያስብበት ቋንቋ ሲጠራ ነው ትርጉሙም የሚያምር። ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ። እኔ እየጠየቅሁሽ አንቺ ጻፊ።

(ከአንድ ሰዓት በላይ ሲጽፉና ሲሰርዙ ቆይተው የወጣው ረቂቅ ይህ ነው።)

ለድኅረ ምረቃ ቅበላ ቢሮ

ጉዳዩ፦ የባዮስታትስቲክስ ማስተርስ ማመልከቻዬ እንደገና እንዲታይልኝ ስለመጠየቅ

አጠቃላይ ውጤቴ ከ3.0 በታች በመሆኑ ማመልከቻዬ ተቀባይነት እንዳላገኘ የገለጻችሁበት ደብዳቤ ደርሶኛል። በመጀመሪያው ማመልከቻዬ ውስጥ ያልነበረ መረጃ ስላለኝ፣ ፋይሌ ከዚህ ጋር ከተያያዙት ሰነዶች ጋር ለዲፓርትመንቱ መራጭ ኮሚቴ እንዲቀርብልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በሁለተኛ ዓመት ትምህርቴ፣ በ2022 ኖቬምበር፣ እናቴ ካንሰር እንዳለባት ታወቀ። ከማርች እስከ ሜይ 2023 አዲስ አበባ ውስጥ በሳምንት አምስት ቀን የጨረር፣ በየሳምንቱም የኬሞቴራፒ ሕክምና ወሰደች። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች መድኃኒት መግዛት፣ ናሙናና ውጤት ማመላለስ፣ ሕመምተኛውን መመገብና ማንሣት በአብዛኛው የቤተሰብ ሥራ ነው። አባቴ በሕይወት የለም፤ ታላቅ ወንድሜ በውጭ አገር ይሠራል፤ ታናሽ ወንድሜ ገና ተማሪ ነበር። ስለዚህ ይህን ሥራ የሠራሁት እኔ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲዬ የአንድ ቀን መንገድ ርቄ ኖርኩ፤ የምመለሰውም ለፈተና ብቻ ነበር። ኮርሶቹ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሰጡና ሕክምናው ይህን ያህል ይረዝማል ብዬ ስላልገመትኩ ትምህርቴን አላቋረጥኩም። የሁለቱ ሴሚስተር ውጤቴ 2.10 እና 1.80 ሆነ።

በዚያ ዓመት ፕሮባቢሊቲ ቲዎሪና ሊኒየር አልጀብራን በዝቅተኛ ውጤት አልፌያለሁ። በቀጣዩ ክረምት ሁለቱንም ኮርሶች ከመጀመሪያቸው ጀምሬ በራሴ አጠናሁ። በእነሱ ላይ በተመሠረቱት ኮርሶች፣ በስታትስቲካል ኢንፈረንስ ኤ ማይነስ፣ በሪግሬሽን ኤ፣ በመልቲቫሪየት አናሊሲስ ቢ ፕላስ አግኝቻለሁ። የመጨረሻዎቹ አራት ሴሚስተሮች አማካይ ውጤቴ 3.35 ነው። ለመመረቅ በሚያስፈልገውና የሙያውን ዋና ኮርሶች በሚሸፍነው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና፣ ማለፊያው 50 ሲሆን፣ 81 አግኝቻለሁ።

እናቴ ሕክምናዋን ጨርሳ በክትትል ላይ ናት፤ አክስቴም አብራት ትኖራለች።

ኮሚቴው ሙሉ ቅበላ ለመስጠት ካልቻለ፣ የመጀመሪያውን ሴሚስተር በ3.0 ወይም ከዚያ በላይ ለማጠናቀቅ ግዴታ ገብቼ በቅድመ ሁኔታ ለመግባት ፈቃደኛ ነኝ። ማመልከቻዬን እንደገና ለማየት ስለምትሰጡት ጊዜ አመሰግናለሁ።

አባሪ፦ የሆስፒታሉ ማስረጃ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ፤ የሁለቱም አቆጣጠር ቀን ጎን ለጎን ከሰፈረበት የተረጋገጠ ቅጂ ጋር)፣ የመምህሬ ደብዳቤ፣ የመውጫ ፈተና ውጤት።

ተመራቂዋ፦ ሦስቱ ገጽ ወዴት ሄደ? ለቅሶዬ ሁሉ ጠፋ።

መምህሩ፦ አልጠፋም። «የምመለሰውም ለፈተና ብቻ ነበር» የሚለውን ያነበበ ሰው፣ ልብ ካለው፣ የቀረውን ራሱ ይደርስበታል። አንቺ ብታለቅሺለት ግን ማስረጃውን ትቶ አንቺን መመዘን ይጀምራል።

ተመራቂዋ፦ የሊኒየር አልጀብራውን ዲ ለምን እኛው ጠቆምናቸው? ባያዩትስ?

መምህሩ፦ ያዩታል። ትራንስክሪፕት ማንበብ የለመደ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ዝቅተኛው ፊደል ላይ ነው። አንቺ ቀድመሽ ካነሣሽው መልሱም አብሮ ይደርሰዋል። ከዘለልሽው ደብቃዋለች ይላል፤ የቀረውንም ቃልሽን ይጠረጥረዋል።

ተመራቂዋ፦ የሚያውቁት ፕሮፌሰር ቢኖር ስልክ ቢደውሉልኝስ?

መምህሩ፦ አልደውልም ልጄ። ፍትሕ እየጠየቅሽ በጓዳ አማላጅ ብትልኪ የጠየቅሽውን ራስሽ ታፈርሺዋለሽ። ሲያውቁትም ይጎዳሻል። በደብዳቤያቸው ላይ በሰጡሽ አድራሻ፣ የማመልከቻ ቁጥርሽን አርእስቱ ላይ ጽፈሽ፣ አንዴ ብቻ ላኪው። ከ30 ቀኑ ስንቱ ቀርቶሻል?

ተመራቂዋ፦ አስራ ስምንት ቀን።

መምህሩ፦ ለተረጋገጠው ቅጂና ለመምህርሽ ደብዳቤ ይበቃል፤ የመጨረሻውን ቀን ግን አትጠብቂ። ሰነዶቹ ሳይሟሉ ደብዳቤውን አስቀድመሽ እንዳትልኪ፤ ብዙ ቢሮ አንዴ ካየ በኋላ ተጨማሪ አይቀበልም።

ተመራቂዋ፦ አሁንም እምቢ ካሉኝስ?

መምህሩ፦ ሊሉሽ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይሳካም፤ ቦታው ሞልቶም ሊሆን ይችላል። እምቢ ካሉሽ ሁለተኛ አትጻፊላቸው፤ አመስግነሽ ተዪው። በሚቀጥለው ዙር ስታመለክቺ ይህችኑ ገጽ ከመጀመሪያው አያይዢያት፤ ብዙ የማመልከቻ ቅጾች ለተጨማሪ ማብራሪያ የተተወ ቦታ አላቸው። ፕሮግራም ስትመርጪም አስተውዪ፤ በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ በዋናነት የመጨረሻውን ዓመት ውጤት ነው የሚያየው፤ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የሦስተኛና የአራተኛ ዓመቱን። አንቺን የመሰለች ተማሪ እነሱ ዘንድ ስታመለክት ሁለተኛው ዓመት ከበሩ ላይ አይመልሳትም።